ከሣጥኑ በፊት መውጫውን ማወቅ፦ በአንድ 3ኛ ክፍል ቆሻሻ መለየትን በጨዋታ የማስተማር የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጉዳይ በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ 52 ተማሪዎች ባሉበት የ3ኛ ክፍል፣ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ለአሥር ሳምንት የተካሄደ ሥራ ነው። ሥራውን የመሩት የክፍሉ ኃላፊ መምህርትና የአካባቢ ጥበቃ ክበቡን የሚያስተባብሩ አንድ መምህር ናቸው። የትምህርት ቤቱም ሆነ የሰዎቹ ስም ሆን ተብሎ አልተጠቀሰም።

ልጆቹ «የሚበሰብስ» እና «የማይበሰብስ» የሚለውን ትምህርት ቀድመው ተምረዋል። በጽሑፍ ሲጠየቁ አብዛኞቹ በትክክል ይመልሳሉ። ከእረፍት በኋላ ግን የሙዝ ልጣጩ፣ የብስኩት ላስቲኩና የተቀደደው የደብተር ወረቀት ሁሉም በዴስኩ ሥር አብረው ይገኙ ነበር። መምህርቷ «ይሄ ሁሉ ከዚህ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ሲጠይቁ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቆሼ!» አለ። መልሱ ትክክል ነው። ከተማዋ ለአሥርት ዓመታት ቆሻሻዋን ስትከምርበት የኖረችው ረጲ ያለው ቆሼ ነው፤ ክምሩ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች የሞቱበትም ቦታ ነው። ስለዚህ እውቀቱ አልጎደለም። የጎደለው በእጅ የያዙትን ነገር ቆም ብሎ አይቶ፣ ቦታ መርጦ የማስቀመጥ ልማድ ነበር። ሥራው የተነደፈው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ የክፍሉን ቆሻሻ ማየት

ምንም ሣጥን ሳይቀመጥ ለአምስት የትምህርት ቀናት የክፍሉ ቆሻሻ እየተሰበሰበ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሸራ ላይ ተዘረጋ። ሁለቱ መምህራን ጓንት አድርገው ለዩት፤ በወጥ ቤት ሚዛንም መዘኑት። ልጆቹ በዚህ አልተሳተፉም። ይህ ጥንቃቄ ተገቢ እንደነበር በሁለተኛው ቀን ታየ፤ ከእርሳስ ጥራጊው መካከል ሁለት ምላጭ ተገኘ። መቅረጫ የሌላቸው ልጆች እርሳሳቸውን የሚቀርጹት በምላጭ ነው። በዚያው ቀን አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ክዳኑ በቀጭኑ ተሰንጥቆ የምላጭ መጣያ ሆነና በመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ማንኛውም ክፍል ቆሻሻ እየተለየ የሚቀመጥበት የመለያ ማዕዘን ሊጀምር ሲል መጀመሪያ ማዘጋጀት ያለበት ይህንን ነው። ምላጭ ያለበት ቆሻሻ ውስጥ ልጅ እጁን እንዲያስገባ መደረግ የለበትም።

ምገባው በአዳራሽ ስለሆነ ክፍል ውስጥ የሚቀረው የመክሰስ ትርፍና የትምህርት መሣሪያ ውዳቂ ነው። በክብደት ትልቁን ድርሻ የያዘው የሙዝና የብርቱካን ልጣጭ ሲሆን ቀጥሎ የደብተር ወረቀት ይመጣል። በቁጥር ሲታይ ግን የብስኩት፣ የቺፕስና የከረሜላ ላስቲክ ከሁሉም ይበልጣል፤ በቀን ከ60 በላይ ይገኝ ነበር። ሆኖም የሳምንቱ ሁሉ ተሰብስቦ እንኳ ሚዛኑን እምብዛም አያነቃንቅም። ሃይላንድ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ነበር። ጠርሙስ በአምስቱም ቀን አልተገኘም። ቆርቆሮ አንድ ብቻ ተገኘ።

የመጀመሪያው ማዕዘንና ስህተቱ

ይህ ሁሉ ታይቶ እንኳ የመጀመሪያው ማዕዘን የተሠራው በልኬቱ መሠረት አልነበረም። ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የተለመደ ፖስተር ተወስዶ አምስት ባለቀለም ካርቶኖች ተደረደሩ፤ ወረቀት፣ ፕላስቲክ፣ ጠርሙስ፣ ብረትና ምግብ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ነገር ተበላሸ። የጠርሙሱና የብረቱ ካርቶን የሚገባበት ነገር ስላልነበረ ባዶ ቆየ። ባዶ ካርቶን ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ልጁ ሲቸኩል ያገኘውን የሚወረውርበት ቦታ ይሆናል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለቱም የሁሉ ነገር መጣያ ሆነው ነበር። «ፕላስቲክ» የሚለው ካርቶንም ሃይላንዱን፣ የቺፕስ ላስቲኩን፣ ፌስታሉንና የተሰበረውን እስክሪብቶ አንድ ላይ ያዘ። የሰፈሩ ቆራሌ መጥተው ሲያዩት የሚገዙት ሃይላንዱን ብቻ መሆኑን ተናገሩ፤ የብስኩት ክሬም የነካውንም ሃይላንድ ወደ ጎን አደረጉ። ክዳን የሌለው የምግብ ካርቶን ደግሞ ዓርብ ሳይደፋ ተረስቶ ሰኞ ጠዋት ታችኛው ወለል ርሶ ተቀደደ፤ ክፍሉም ዝንብ ሞላው።

የሦስቱም ስህተቶች መነሻ አንድ ነው። ካርቶኖቹ የተከፋፈሉት ዕቃው ከምን እንደተሠራ በማየት እንጂ ከክፍሉ ወጥቶ ማን እንደሚወስደው በማሰብ አልነበረም።

ዱላ ቅብብሎሽ ያስተማረው ሌላ ነገር

በእነዚሁ ሳምንታት የተመረጠው ጨዋታ ዱላ ቅብብሎሽ ነበር። ክፍሉ 13 ልጆች ባሏቸው አራት ቡድኖች ተከፈለ። በሜዳው አንድ ጫፍ ለእያንዳንዱ ቡድን 20 የታጠቡ ዕቃዎች ተከመሩ፣ በሌላው ጫፍ ካርቶኖቹ ተቀመጡ። ልጁ አንድ ዕቃ ይዞ ይሮጣል፣ ይጥላል፣ ተመልሶ ተከታዩን በእጁ ይነካል። ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል።

ልጆቹ እጅግ ወደዱት። ጩኸቱና ደስታው ሥራው የተሳካ አስመስሎት ነበር። ካርቶኖቹ ተገልብጠው ሲቆጠሩ ግን አንደኛ የወጣው ቡድን ከ20 ዕቃዎች ሰባቱን በተሳሳተ ቦታ ጥሏል። መጨረሻ የወጣው ቡድን የሳተው ሁለት ብቻ ነው። ይህ ቡድን የዘገየው አንዲት ልጅ የቺፕስ ላስቲክ ይዛ ካርቶኖቹ ፊት ቆማ ስላሰበች ነበር፤ ጓደኞቿም «ቶሎ በይ! ጣይውና ነይ!» እያሉ ጮኹባት። ጨዋታው የቀጣት ልንፈጥረው የፈለግነውን ነገር ስላደረገች ነው። ፍጥነት ነጥብ ሲያስገኝ ልጅ የሚማረው መጣል ነው። መለየት ደግሞ ለአፍታ መቆም ይጠይቃል።

ጨዋታው አልተተወም፤ ሕጉ ግን ተለወጠ። ሰዓቱ ቀረ። የዕቃው ቁጥር ከ20 ወደ 12 ወረደ፤ ከእነዚህ ሦስቱ ሆን ተብለው የተመረጡ አስቸጋሪ ዕቃዎች ናቸው። ልጁ ካርቶኑ ጋ ሲደርስ ከመጣሉ በፊት ዕቃውን ከፍ አድርጎ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚገባና ለምን እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገራል። ለቦታው አንድ ነጥብ፣ ለምክንያቱ ሌላ አንድ ነጥብ አለው። ያልገባው ልጅ ወደ ቡድኑ ዞሮ መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ነጥብ አይቀንስም። የተሳሳተ ዕቃ ወደ ተጋጣሚው ክምር ይሄዳል፤ እነሱም ካስተካከሉት ነጥቡን ይወስዳሉ። አንድ ዙር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ከአዲሱ ሕግ በኋላ ጩኸቱ ቀነሰ፤ ክርክሩ በረታ። ክርክሩም «ቀደምን፣ ቀደማችሁ» መሆኑ ቀርቶ ስለ ዕቃው ሆነ።

ሃይላንዱ የማን ነበር?

ከሁሉም በላይ ሊመዘገብ የሚገባው ይህ ክፍል ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ልጅ ወደ መምህርቷ ቀርቦ «ቲቸር፣ እኛ ለይተን እትዬ ለምን ይደባልቁታል?» ሲል ጠየቀ። የጽዳት ሠራተኛዋን ማለቱ ነው። እውነትም እትዬ ማታ ማታ ሁሉንም ካርቶን በአንድ ጆንያ ይገለብጡ ነበር። ይህን ያየ ልጅ በማግስቱ የሚለይበት ምክንያት የለውም። በዚያ ሳምንት የካርቶኖቹ ስህተት በግልጽ ጨመረ።

መጀመሪያ የተሰጠው ማብራሪያ «እትዬ አልተነገራቸውም» የሚል ነበር። የክበቡ መምህር ቁጭ ብለው ሲያነጋግሯቸው ግን ሁለት ነገር ተገለጠ። አንደኛው፣ ከግቢው ቆሻሻ የሚያነሳው ማኅበር የሚቀበለው ሁሉንም በአንድነት ስለሆነ ለይቶ መያዝ ለእሳቸው ድካም ብቻ ነበር። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። እትዬ ከየክፍሉ ሃይላንድ እየለቀሙ፣ በጆንያ እያጠራቀሙ ለቆራሌ ይሸጡ ነበር። ማዕዘኑ ሲቋቋም ማንም ሳያስተውል ይህን ገቢያቸውን ወስዶባቸዋል። እሳቸውም ደፍረው አልተናገሩም።

ስምምነቱ በአንድ ቀን ተደረሰ። ሃይላንዱ የእትዬ ሆነ። ወረቀቱ የክፍሉ ሆኖ በየወሩ መጨረሻ ለቆራሌ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ለክፍሉ ሙጫና መቅረጫ ይገዛበታል። ልጣጩን ክበቡ ይወስዳል። እትዬ የማዕዘኑን ካርቶን አይደፉም፤ የሚያነሱት «ቀሪ» የተባለውን ብቻ ነው። ዓርብ ዓርብ ደግሞ አሥር ደቂቃ ለክፍሉ ሰጥተው ሃይላንዱን በልጆቹ ፊት ይፈትሻሉ። «ይሄ ውሃ አለበት፣ ሚዛን ያሳስታል፣ ቆራሌው አይወስድልኝም» ሲሉ ልጆቹ ከየትኛውም ፖስተር ይልቅ ሰሟቸው። የካርቶኑ ይዘት ማን ቤት እንደሚደርስ አውቀዋልና።

ሌላው ችግር የመጣው ከነጥብ ነው። ለአንድ ሳምንት ብዙ ሃይላንድ ያመጣ ቡድን ይሸለማል ተብሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጆች ከመንገድና ከቦይ ሃይላንድ እየለቀሙ መጡ፤ አንዱም ያልጠጣውን ውሃ ደፍቶ ባዶውን ይዞ ቀረበ። በቤታቸው የታሸገ ውሃ የማይገዛ ልጆች ምንም ማምጣት ስላልቻሉ አፈሩ። ሽልማቱ ወዲያው ተሠረዘ። ከዚያ በኋላ ከቤት ምንም አይመጣም፤ ማዕዘኑ የሚያስተናግደው በክፍሉ ውስጥ የተፈጠረውን ቆሻሻ ብቻ ሆነ።

ሁለተኛው ማዕዘን

በአራተኛው ሳምንት ማዕዘኑ በአራት መያዣ እንደገና ተሠራ፤ የወረቀት ካርቶን፣ የሃይላንድ ካርቶን፣ ክዳን ያለው ባለ 10 ሊትር ባልዲና ቀሪ። አጠገባቸው የእጅ መታጠቢያ ጆግና ሳሙና ተቀመጠ። መያዣዎቹ ልጅ ሳይንጠራራ እንዲደርስባቸው በረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደሩ። በበሩ በኩል እንዲሆኑም ተደረገ፤ መጀመሪያ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ስለነበሩ ልጆች በትምህርት መሐል እየተነሱ ይሄዱ ነበር።

ትልቁን ሥራ የሠራው የክዳኑ ቀዳዳ ቅርጽ ነው። የወረቀቱ ክዳን 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ስንጥቅ ተከፈተ። የተጨበጠ ወረቀት በዚህ አይገባም፤ ልጁ ዘርግቶ ማስገባት ይኖርበታል። የተዘረጋ ወረቀት ደግሞ ካርቶኑን ቶሎ አይሞላም፤ ቆራሌውም ደረቅ መሆኑን በቀላሉ ያያል። የሃይላንዱ ክዳን በክብ ቀዳዳ ተበሳ። መጀመሪያ የተበሳው 8 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ይህ ስህተት ሆነ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሳይጨፈለቅ በዚያ ያልፋል፣ ሲጨፈለቅ ግን ጠፍጥፎ ስለሚሰፋ አይገባም። ልጆቹ ጨፍልቀው ሲያቅታቸው መጨፍለቁን ተዉት። ቀዳዳው ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ሲሰፋ ችግሩ ተፈታ። የሃይላንዱ ቅደም ተከተል በአራት ቃል ተለማመደ፦ ጨርስ፣ አራግፍ፣ ጨፍልቅ፣ ክደን። ከመጨፍለቅ በፊት ከተከደነ አየሩ አይወጣም፤ ከተጨፈለቀ በኋላ ካልተከደነ ደግሞ መልሶ ይነፋል።

ምልክቱም ከቀለም ወደ ዕቃው ራሱ ተለወጠ። በሃይላንዱ ካርቶን ላይ የተጨፈለቀ ሃይላንድ፣ በወረቀቱ ላይ የደብተር ገጽ፣ በቀሪው ላይ የቺፕስ ላስቲክና ያገለገለ ሶፍት ያልነካው ባዶ የሶፍት መጠቅለያ ተለጠፈ። በባልዲው ላይ የተለጠፈው እውነተኛ የሙዝ ልጣጭ በአራት ቀን ስለሻገተ በሥዕል ተተካ።

የቆዩት ጨዋታዎች

በጣም ያስቸግር የነበረው የቺፕስ ላስቲክ ነው። ውስጡ ስለሚያብለጨልጭ ግማሹ ልጅ ብረት ይለዋል፣ ሌላው ስለሚንኮሻኮሽ ወረቀት ይለዋል። ለዚህ የተዘጋጀው «ጨብጥና ልቀቅ» የሚል የአምስት ደቂቃ ጨዋታ ነው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ የደብተር ወረቀት፣ ሌላው የታጠበ የቺፕስ ላስቲክ ይይዛል። ክፍሉ እስከ አምስት ሲቆጥር ሁለቱም በጡጫቸው አጥብቀው ይጨብጣሉ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ይከፍታሉ። ወረቀቱ ተጨማዶ እንዳለ ይቀራል። ላስቲኩ ግን እያንኮሻኮሸ በመዳፉ ላይ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ከዚያ ጠርዙን ይቀድዱታል፤ ወረቀት ሲቀደድ ጠርዙ ጭረት ጭረት ያወጣል፣ ላስቲክ ግን ይለጠጣል ወይም ጠርዙ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ልጆቹ ያጠራጠራቸውን ሁሉ በራሳቸው ይጨብጡ ጀመር። መምህርቷን መጠየቃቸውም ቀነሰ።

ሁለተኛው ሰኞ ማክሰኞ ነው። በጠመኔ በተሠመረው በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ የአንድ ዕቃ ሥዕል ይሣላል። ልጁ ጠጠሩ ያረፈበትን ዕቃ ስምና መያዣውን ተናግሮ ነው መዝለል የሚጀምረው፤ ከተሳሳተ ተራው ያልፋል። መምህር አያስፈልገውም፣ ወጪውም ጠመኔ ብቻ ነው። በእረፍት ሰዓት ከሌሎች ክፍሎች የመጡ ልጆች ሳይቀሩ ተጫወቱት።

ሦስተኛው እንቆቅልሽ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹ ስለ ክፍሉ ቆሻሻ ራሳቸው ፈጥረው ያመጣሉ። ካመጧቸው አንዱ ይህ ነበር፦

«እንቆቅልሽ!»
«ምን አውቅልህ!»
«ብር መስዬ ብር አይደለሁ፤ ብትጨብጠኝ እከፈታለሁ።»

ያላወቀው ልጅ አገር ሰጥቶ መልሱን ሰማ፤ የቺፕስ ላስቲክ። እንቆቅልሽ ለመፍጠር ልጁ የዕቃውን ጠባይ ማስተዋል ስላለበት ከመልሱ ይልቅ አዘገጃጀቱ ብዙ ያስተምራል።

የሚበሰብሰው

በባልዲው ሥር ሁለት እፍኝ ደረቅ ሣር ይነጠፋል፤ በየእረፍቱም ልጣጩ ላይ ጥቂት ይጨመራል። ሁለት ተረኞች በየቀኑ ከመውጫ ደወል በፊት በክበቡ የብስባሽ ጉድጓድ ደፍተው ይመለሳሉ። በጉድጓዱ ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ባልዲ ደረቅ ቅጠልና ሣር ይደረጋል። ቢሸት እርጥበቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ሣር ጨምሮ ማገላበጥ ይበቃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለመበስበስ ስለሚዘገይ አልተጨመረም። ወጥ የነካው እንጀራም አይጨመርም፤ አይጥና ውሻ ይስባል።

ምን ተለወጠ

በየሐሙሱ ሳይነገር አንድ መያዣ ተመርጦ ይገለበጥና በቦታው ያልሆነው ይቆጠር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከአሥር ዕቃ አራት ያህሉ ስህተት ነበር። በአሥረኛው ሳምንት ከአሥር አንድ ያህል ሆነ። ትልቁ መሻሻል የታየው ማዕዘኑ እንደገና ከተሠራና ከእትዬ ጋር ስምምነት ከተደረገ በኋላ ስለነበር ለውጡን በሙሉ ለጨዋታው መስጠት ልክ አይሆንም። ከፋሲካ እረፍት በተመለሱበት ሳምንት ደግሞ ስህተቱ እንደገና ከፍ አለ፤ አንድ ዙር ቅብብሎሽና ሁለት ቀን ክትትል መልሶ አወረደው።

ለሌላ ክፍል የሚሆነው

መያዣ ከመቁረጥ በፊት በየመያዣው አንጻር ማን፣ በየትኛው ቀን እንደሚወስደው ስም ተጽፎ ይቀመጥ። ስም ያልተገኘለት መያዣ አይሠራ፤ ዕቃው በቀሪው ውስጥ ይግባ። በአንድ ሰፈር ቆራሌው ካርቶንና ጣሳ የሚወስድ ከሆነ መያዣዎቹ ከዚህኛው ክፍል ሊለዩ ይችላሉ።

አሁን ከዚያ ቆሻሻ የሚጠቀም ሰው አለ ወይ ብሎ መጠየቅም የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ነው። የጽዳት ሠራተኞች፣ ጥበቃዎችና ቆራሌዎች ማዕዘኑ ሳይታሰብ በፊት ይለዩ ነበር። እነሱን ያላማከረ ማዕዘን ወይ ይፈርሳል ወይ ይጎዳቸዋል።

በጨዋታው ነጥብ የሚሰጠው ለምንድን ነው የሚለው በጥንቃቄ ይታይ። ለፍጥነት ሲሰጥ መወርወርን፣ ለብዛት ሲሰጥ ማጠራቀምን አመጣ። ለምክንያት ሲሰጥ ልጆቹ ዕቃውን ማየት ጀመሩ።

ሳይፈታ የቀረው

የብስኩትና የቺፕስ ላስቲክ መውጫ አልተገኘለትም። ለአንድ ሳምንት ተሰብስቦ፣ ታጥቦ የእርሳስ መያዣና ምንጣፍ ተሠራበት። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን አብዛኛው ሥራ ተተርትሮ ቀሪ ውስጥ ተገኘ። ላስቲኩ ወደ ቆሼ የሚሄድበት ቀን ዘገየ እንጂ መሄዱ አልቀረም። ከዚያ በኋላ መምህርቷ ይህን ለልጆቹ በግልጽ ነገሯቸው፤ ይህ ዕቃ መውጫ የለውም፣ የምንችለው ማሳነስ ነው። ቆሎና ዳቦ በጨርቅ ከረጢት ወይም በምሳ ዕቃ የሚያመጡ ልጆች ቁጥር ከስድስት ወደ 19 ደረሰ። የቀሩት ከግቢው በር ካለው ሱቅ ብስኩት ይገዛሉ፤ በቀሪው መያዣ ውስጥም አሁንም በቁጥር የሚበልጠው የእነሱ ላስቲክ ነው።